ወይኑን ሰንጥቂው፣ ለውዙን ፍጪው

ሰላም እህቴ፣

ትናንት ልጅሽን ይዘሽ ልትወጪ ስትይ በር ላይ «ወይንና ለውዝ ልስጠው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ በችኮላ ነው የመለስኩልሽ። ወረፋው ረጅም ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው «አይሆንም» ብቻ ብዬ መሸኘቴ ቆጨኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ልጅሽ ሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። በዚህ ዕድሜ ወይን እንዳለ፣ ድፍኑን፣ አይሰጥም። ለውዝም፣ ካሹም፣ አልሞንድም እንዲሁ። ሁለቱንም ከቤት አውጪ ማለቴ ግን አይደለም፤ ቅርጻቸው ሲቀየር ጥሩ ምግብ ናቸው። እስከ መቼ ካልሽኝ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች እስከ 4 ዓመት ይላሉ፣ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ደግሞ እስከ 5። እኔ ብሆን 5ቱን እይዛለሁ። አንድ ዓመት ተጨማሪ ወይን መሰንጠቅ የሚያስከፍልሽ ነገር የለም።

«ጥርስ እኮ አለው» ብለሽኝ ነበር። አለው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን የፊት ጥርስ ይቆርጣል እንጂ አይፈጭም። የሚፈጨው መንጋጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ወጥተውለት ይሆናል፣ የኋለኞቹ ግን ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት አካባቢ ነው የሚወጡት። ከወጡ በኋላም ቢሆን አላምጦ አላምጦ የመዋጥ ትዕግሥት ቶሎ አይመጣም። የሁለት ዓመት ልጅ ምግብ አፉ ውስጥ እያለ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ያወራል።

አሁን ወይኑን በጣትሽ ያዢና እይው። ክብ ነው። ልጣጩ ያሟልጫል። ጫን ስትይው ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይፈርጥም። ጥርስ ሳይዘው ተንሸራቶ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። የልጅሽ የመተንፈሻ ቱቦ ደግሞ ቀጭን ነው። ደረቅና ያልተስተካከለ ነገር ቢገባ እንኳ በጎን በኩል አየር የሚያልፍበት ስንጥቅ ሊተው ይችላል። ወይን ግን ለስላሳ ስለሆነ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል፣ ልክ እንደ ጠርሙስ ቡሽ። ከዚያ አየር አይገባም፣ አይወጣም። አየር ከሌለ ድምፅም የለም። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጮህ፣ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ዕቃ እያጠብሽ ሊታነቅ ይችላል።

አቆራረጡም ለውጥ አለው። ወገቡ ላይ አግድም ለሁለት ብትቆርጪው ሁለት ትናንሽ ክቦች ነው የሚሆኑት፤ ችግሩ አልተፈታም። ትንሽ ስለታም ቢላ ያዢ። ወይኑ ከዘለላው የተነቀለበትን ጠባሳ ወደ ላይ አድርጊና ከዚያ ጀምረሽ እስከ ታች ቁመቱን ሰንጥቂው። ሁለቱን ግማሾች እንደገና በቁመታቸው። አራት ቀጫጭን ቁራጮች ይሆናሉ። ፍሬ ካለው አውጪለት። ልጣጩን መላጥ ግዴታ አይደለም። ትናንሽ ክብ ቲማቲሞችንም እንዲሁ አድርጊ።

የለውዝ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ለውዝ አይለጠጥም፣ ይሰበራል። ልጁ ግማሹን ሰብሮ ግማሹን ሳያላምጥ ሲስቅ ወይም በድንገት አየር ሲስብ፣ ቁራጩ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። የአንድ ልጅ ሳል ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቅ አለ። ቤተሰቡ ጉንፋን ነው ብሎ ነበር። ደረቱ በአንድ በኩል ብቻ ያፏጫል። እናቱን ደጋግመን ስንጠይቃት «አዎ፣ የሆነ ቀን ለውዝ እየበላ ትን ብሎት ነበር፣ ግን ወዲያው ተወው» አለች። ራጅ ለውዝን ራሱን አያሳይም፤ እንደ ሳንቲም ነጭ ሆኖ አይወጣም። በመጨረሻ አደንዝዘው ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ነው ያወጡለት። ስለዚህ ልጅሽ እየበላ ድንገት ትን ካለውና ከዚያ በኋላ ሳሉ ወይም ማፏጨቱ ካልለቀቀው፣ ቶሎ አሳዪው፤ ሳምንታት ቢያልፉም ታሪኩን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ።

ለውዝን በቢላ መከታተፍ አያድንም፤ ይልቁንም ወደ ሳንባ የሚገባ መጠን ያለው ስብርባሪ ነው የምታዘጋጂለት። ዱቄት እስኪሆን ፍጪውና እርጎ ውስጥ ወይም የተፈጨ ሙዝ ላይ አድርጊለት። የለውዝ ቅቤም ይሆናል፣ ስብርባሪ የሌለበት ለስላሳው። ዳቦ ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢው። በማንኪያ ሙልት አድርገሽ እንዳትሰጪው፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል።

አለርጂም አንስተሽ ነበር። ቀድሞ ለውዝ በልቶ ምንም ካልሆነ፣ በዱቄት መልኩ መቀጠሉ ጥሩ ነው። ቀምሶ የማያውቅ ከሆነና ከባድ የቆዳ ሽፍታ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

«ስንቴ ሰጥቼው ምንም አልሆነም» የሚሉ እናቶች አሉ። ልክ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አንድ ጊዜ ሲሆን ግን ያለሽ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሳህን እይ፤ አንቺ ባትሰጪውም ታላቅ እህቱ በፍቅር ታጎርሰዋለች። ሲበላ ተቀምጦ ይብላ። መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መብላት ይቅር፤ እየነዳሽ አታዪውም።

ቢያንቀውስ? ጮክ ብሎ ካሳለ ወይም ካለቀሰ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። አጠገቡ ሁኚ፣ «ሳል፣ ሳል» በይው፣ አትምቺው። ጣትሽን አፉ ውስጥ ሰደሽ በጭፍን አትፈልጊ፤ ይብሱን ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ድምፁ ከጠፋ፣ መሳል ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን አትጠብቂ። ወደ ፊት አጎንብሺውና በመዳፍሽ ተረከዝ፣ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል፣ እስከ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው ተንበርከኪ፣ ጡጫሽን ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጊና ወደ ውስጥና ወደ ላይ እስከ አምስት ጊዜ ሳቢ። እስኪወጣ ሁለቱን እያፈራረቅሽ ቀጥዪ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ሆዱን ከጫንሽው፣ ቢወጣለትም እንኳ፣ ሐኪም ይየው። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ሆድ አይጫንም፣ ደረት ነው።

ይሄ በወረቀት ብቻ እንደማይገባ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጪ በአሻንጉሊት አሳይሻለሁ፤ ራሱን ቢስት ምን እንደሚደረግም ያኔ እናያለን። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። አባቱንም ይዘሽው ነይ።