የልጃችን የ2018 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በጀት (4ኛ ክፍል)

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም. የተዘጋጀ

ይህ በጀት ለአንዲት ልጅ ነው፤ የግል ትምህርት ቤት፣ ከቤት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ምሳ ከቤት ተቋጥሮ። ገንዘቡ ከሐምሌ 2017 እስከ ሰኔ 2018 በ12 ወር ይሰበሰባል፤ የሚወጣው ግን በዋናነት ከነሐሴ እስከ ሰኔ ነው። የዓመቱ ድምር ከመጠባበቂያው ጋር 111,600 ብር፣ በወር 9,300 ብር ይደርሳል። አባት 5,500፣ እናት 3,800 ብር ደመወዝ በገባ በማግስቱ ለዚሁ ብቻ በተከፈተው ሒሳብ ያስገባሉ። ከአስቤዛ ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ ከዋለ ወሩ ሳያልቅ ተበልቶ ይገኛል፤ ስለዚህ የሒሳቡ ኤቲኤም ካርድ ቤት ይቀመጣል።

ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

የትምህርት ክፍያና ምዝገባ፦ 43,050
ዩኒፎርም፣ ጫማና ቦርሳ፦ 10,355
መጻሕፍትና ደብተር፦ 5,180
ሰርቪስና ታክሲ፦ 26,700
ምሳ፣ መክሰስና ምሳ ዕቃ፦ 19,475
ጉብኝትና የትምህርት መዝጊያ፦ 1,500
መጠባበቂያ፦ 5,340
ድምር፦ 111,600 ብር

የትምህርት ክፍያ

ወርኃዊው 4,200 ብር ነው፤ ለ10 ወር 42,000። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው በወር ሳይሆን በተርም፣ የሁለት ወር ተኩሉን በአንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በመስከረም፣ በኅዳር፣ በየካቲትና በሚያዝያ 10,500 ብር ይወጣል። ምዝገባው 1,050 ብር በነሐሴ ይከፈላል፤ እሱ ከወርኃዊ ክፍያው ላይ አይታሰብም፣ አይመለስምም።

የመክፈያው ቀን ወሩ በገባ እስከ 10 ነው። ካለፈ 5 በመቶ ቅጣት አለው፤ 525 ብር መሆኑ ነው፣ የጥቁር ጫማው ዋጋ ሲሶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ የተርሙ ገንዘብ ካለፈው ወር ደመወዝ ተይዞ መቆየት አለበት። በባንክ ከተከፈለ በኋላ ደረሰኙ ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ካልደረሰ ልጅቷ ያልከፈለች ተብላ ትመዘገባለች፤ ገንዘቡ መግባቱ ብቻውን አይበቃም። ደረሰኙ በተከፈለ ዕለት በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ዋናው በማግስቱ በልጅቷ የመገናኛ ደብተር ይላካል፣ የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ሲመጣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ዩኒፎርም

አርማ ያለበት ሹራብና ቱታ ከትምህርት ቤቱ ውጭ አይገኝም፤ ሹራቡ 1,400፣ ቱታው 1,900 ብር። ቀሚሱና ሸሚዙ ግን ቀለሙ ከገጠመ ከየትም ይሆናል፤ ትርፉም እዚያ ላይ ነው።

ለሁለት ጉርድ ቀሚስ 2.5 ሜትር ጨርቅ በ450 ብር 1,125 ይሆናል፤ ልብስ ሰፊ ለእያንዳንዱ 350፣ በድምሩ 1,825 ብር። ጨርቁ ሳይቆረጥ ውሃ ይነካል፣ ደርቆ ይተኮሳል፤ ይህ ከቀረ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰብና በጥቅምት ከጉልበት በላይ ይወጣል። ከታች 6 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋ፤ በጥር ሲያጥራት ተፈትቶ ይለቀቃል። ወገቡ ላይ ላስቲክ ይግባበት። ሰፊው በነሐሴ መጨረሻ ሥራ ስለሚበዛበት ከነሐሴ 5 በፊት ልኬት ይሰጥ፤ ከዚያ ወዲያ «ነገ ነይ» እያለ መስከረምን ያስገባል።

ሁለት ሸሚዝ በ650፣ 1,300 ብር። ጥቁር ጫማ 1,800፣ የስፖርት ጫማ 1,500፣ 6 ጥንድ ካልሲ በ80፣ 480 ብር። ጫማ ከነሐሴ 20 በኋላ ይገዛ፤ የልጅ እግር በክረምት ያድጋልና በሐምሌ በርካሽ የተገኘው በመስከረም ሊጠባት ይችላል። ከአውራ ጣቷ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይቅር፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ ስትሮጥ ይወልቃል፣ ተረከዙም ቶሎ ያልቃል። ቦርሳ አይገዛም፤ ያምናው ዚፑ ብቻ ነው የተበላሸው፣ 150 ብር ይጠገናል።

ሹራብ ላይ ስሟ ከአንገቱ በውስጥ በኩል በክር ይጠለፋል። በእስክሪብቶ የተጻፈ በሦስተኛው እጥበት ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የማን ሹራብ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

መጻሕፍትና ደብተር

የትምህርት ቤቱ ዝርዝር ሰባት መጽሐፍ አለው። አራቱ ውስጣቸው የሚጻፍባቸው ስለሆኑ አዲስ መሆን አለባቸው፤ በ450፣ 1,800 ብር። ሦስቱ ወደ 5ኛ ክፍል ካለፉ ልጆች ወላጆች በ200 ይገዛሉ፣ 600 ብር። አሮጌ ሲገዛ የኅትመት ዓመቱ ከዝርዝሩ ጋር ይነጻጸር፤ ገጽ ቁጥሩ ካልገጠመ የቤት ሥራው ይምታታል።

ደብተር ባለ 50 ሉክ 24 ያስፈልጋል፤ ለ10 ትምህርት ሁለት ሁለት፣ አራቱ ለመለማመጃ። መርካቶ በደርዘን 780 ነው፤ ሁለት ደርዘን 1,560። ሰፈር ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ቤት በ80 ብር ቢገዛ 1,920 ይሆን ነበር፤ የ360 ብሩ ልዩነት የመንገዱን ወጪ ችሎ ይተርፋል፣ ጎረቤት አብሮ ከገዛ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል። ደርዘኑ ሲገዛ ማሸጊያው ተፈቶ አንድ ደብተር ይገለጥ፤ ወረቀቱ ስስ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ አንዳንዱም 50 ተብሎ ሲቆጠር 44 ይሆናል። 12ቱ በመስከረም ይወጣሉ፣ 12ቱ እስከ የካቲት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ ላይ ከተሰጧት ግማሹ በኅዳር የሥዕል ወረቀት ይሆናል።

ላስቲክ መሸፈኛ 240 ብር። እርሳስ ደርዘን 180፣ እስክሪብቶ 10 ፍሬ 200፣ ላጲስ፣ መቅረጫና ማስመሪያ 150፣ ባለቀለም እርሳስ 250፣ ሙጫና የሥዕል ወረቀት 200፤ እነዚህ 980 ብር ናቸው።

ሰርቪስ

በወር 2,600 ብር። ከመስከረም እስከ ግንቦት 9 ወር ሙሉ፣ ሰኔ ፈተናው አጋማሽ ላይ ስለሚያልቅ ግማሽ፣ 1,300፤ ድምር 24,700 ብር። የሰኔው ግማሽ ክፍያ በነሐሴ፣ ገና ቦታ ሳይያዝ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይፈረም። በሰኔ ቢጠየቅ ሾፌሩ «ወሩ ወር ነው» ይላል፤ ከእሱ አንጻር እውነት አለው፣ የመኪናው ኪራይ በግማሽ አይከፈልም። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይስፈር፦ የመነሻ ሰዓት (1:10)፣ የልጆቹ ብዛት ከመቀመጫው እንደማይበልጥ፣ ረዳት እንዳለው፣ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምር ክፍያው ከ10 በመቶ በላይ እንደማይጨምር።

መኪናው ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሲውል ለ8 ቀን በ250 ብር በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ 2,000 ብር ተይዟል። በሾፌሩ ጥፋት ካልመጣ የዚያ ቀን ከወሩ ይቀነሳል፤ በዚያው ዕለት በመልእክት ካልተነገረው ግን በወሩ መጨረሻ ማስረጃ አይኖርም።

ምሳ

በትምህርት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ መሠረት በዓላት ተቀንሰው 190 የትምህርት ቀን ተይዟል። ቤታችን ውስጥ በጾም የጾም ብቻ ስለሚሠራ ዋጋው ለሁለት ተከፍሏል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 9 እስከ ሚያዝያ 3 ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ የፍስክ ወጪው በሚያዝያና በግንቦት ከፍ ይላል። የነቢያት ጾምን ልጅቷ ገና አልያዘችም፤ እዚያ ውስጥ የሚቆጠሩት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ናቸው። እንዲህ ተቆጥሮ የጾም 85፣ የፍስክ 105 ቀን ይሆናል።

የፍስክ ሳምንት፦ ሰኞ ሩዝ በአትክልትና እንቁላል 70፣ ማክሰኞ ፓስታ በተፈጨ ሥጋ 105፣ ሐሙስ እንቁላል በዳቦ 65፤ አማካዩ 80 ብር። ረቡዕ ሽሮ በእንጀራ 50፣ ዓርብ ድንችና ካሮት በዳቦ 60፤ አማካዩ 55 ብር። 105 በ80፣ 8,400፤ 85 በ55፣ 4,675። በየቀኑ ሙዝ ወይም ቆሎ 25 ብር፣ 4,750። ድምር 17,825 ብር ነው። የትምህርት ቤቱ ካፌ ምሳ ብቻውን በ130 ብር 24,700 ይፈጅ ነበር።

ይህ 17,825 ከቤት አስቤዛ ውስጥ የነበረ ወጪ ነው። ወደዚህ ሲዛወር አስቤዛው በትምህርት ወራት በወር 1,780 ብር ያህል መቀነስ አለበት፤ ካልተቀነሰ አንዱ ምሳ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ በጀቱም የተጠበበ ይመስላል።

ምሳ ዕቃው ሙቀት የሚይዝ ስቲል 1,300፣ የውሃ መያዣ 350 ብር። 1:00 ተሞልቶ 6:00 ስለሚከፈት አምስት ሰዓት ይቆያል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ለ5 ደቂቃ ይግባበትና ይደፋ፣ ከዚያ ምግቡ ትኩሱን ይግባ። ለብ ያለ ምግብ ከታሸገ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ከሁሉም የሚፈጥነው ሽሮና እንቁላል ነው። ሽሮው ወፈር ይበል፣ እንጀራው ለብቻው ይጠቅለል። ሳይበላ የተመለሰ ምሳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካጋጠመ ምግቡ ይቀየር፤ የተመለሰ ምሳ ወጪው ያው ነው፣ ላይ ላዩን ደግሞ ዳቦ ከካፌ ይገዛል።

ገንዘቡ የሚያጥርባቸው ወራት

ዓመቱ በድምር ይበቃል፣ በወር ግን አይበቃም። ሐምሌና ነሐሴ 18,600 ይገባል፤ በነሐሴ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርም፣ ለመጻሕፍትና ለምሳ ዕቃ 18,235 ይወጣል፤ የሚተርፈው 365 ብር ነው። በመስከረም 9,300 ሲገባ ተርሙ፣ ሰርቪሱና ምሳው 14,882 ከ50 ሳንቲም ይወስዳሉ፤ 5,217 ከ50 ይጎድላል። ጥቅምት ያካክስና 300 ብር ጉድለት ይቀራል፤ ኅዳር ሁለተኛውን ተርም ይዞ ሲመጣ ጉድለቱ 5,882 ከ50 ይደርሳል። የዓመቱ ጥልቁ ጉድጓድ ይህ ነው፤ የካቲት በ1,630፣ ሚያዝያ በ2,295 ቀለል ብለው ይከተላሉ።

ስለዚህ ከእናት ዕቁብ 8,000 ብር በነሐሴ መነሻ ሆኖ ይገባል፣ በሰኔ ይመለሳል። ዕጣው በነሐሴ እንዲሆንልን ለዕቁቡ ዳኛ ከአሁኑ ይነገራል፤ ካልተሳካ ቀደም ብሎ ዕጣ ከደረሰው አባል ጋር ተራ መለዋወጥ ይጠየቃል። ሁለቱም ካልሆነ የስፖርት ጫማውና የመርካቶው ሁለተኛ ደርዘን ወደ ጥር ይገፋሉ፣ የቀረው ከአባት የመሥሪያ ቤት ቁጠባ ማኅበር ይበደራል። የሰርቪስ ክፍያ አይዘገይም፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

መጠባበቂያው

5,340 ብሩ የሚነካው ለሦስት ነገር ነው፦ ሰርቪስ ከየካቲት ጀምሮ በ10 በመቶ ከጨመረ 1,170፣ ጥቁር ጫማ በየካቲት ካለቀ 1,800፣ ሹራብ ከጠፋ 1,400። ቀሪው 970 ለትናንሽ ነገር። የልደት ስጦታ፣ የጓደኛ ግብዣና የፀጉር መሥሪያ ከዚህ አይወጡም፤ የቤት ወጪ ናቸው።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደረሰኞቹና ሒሳቡ ይተያያሉ፤ የሰርቪሱ፣ የምሳውና የተርሙ መስመር ለየብቻው ይመዘገባል። ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የተረፈው ገንዘብ ለ5ኛ ክፍል ምዝገባ እዚያው ሒሳብ ውስጥ ይቆያል።