አበበ ቢቂላ ሮም ላይ፦ ሁሉም ባዶ እግሩን ያያል፣ እኔ ትከሻውን አየሁት | ሪአክሽን እና ትንታኔ

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ያመጣሁላችሁ የ1952 ጳጉሜ 5ቱን የሮም ማራቶን ነው፣ አዎ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፣ እኔም ራሴ ቀኑን ስቆጥር ነው የገባኝ 😅

መጀመሪያ ግን ማረሚያ አለኝ። ባለፈው ቪዲዮ "ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ" ብዬ ነበር፣ ኮመንት ላይ ያረማችሁኝ ልክ ናችሁ። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው የተወው፣ በባዶ እግር መሮጡን ደግሞ ልምምድ ላይም ለምዶታል።

እና በዚህኛው ቪዲዮ የማሳያችሁ እግሩን አይደለም። ቆም እያደረግኩ፣ ፍጥነቱንም ቀንሼ ስታዩት ትከሻው ዝም ብሏል፣ አንገቱ ቀጥ፣ እጁ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጨለማው ውስጥ ወታደሮቹ ችቦ ይዘው ቆመዋል እሱ ግን ሰፈር ውስጥ የሚንሸራሸር ነው የሚመስለው። አጠገቡ ያለው የሞሮኮው ራዲ ነው፣ አበበ እኮ ራዲን በ26 ቁጥር መለያ ነበር የሚጠብቀው፣ ራዲ ግን 185 ለብሶ ገባ! ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው አብሮት የሮጠው።

ከዛ የአክሱም ሐውልት ይመጣል (ያኔ ገና ሮም ነበር፣ የተመለሰው በ1997 ነው)። እሱና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አይተውት ስለነበር እዛ ጋ አፈትልኮ እንደሚወጣ አስቦበታል። የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ አበበ 2:15:16.2፣ ራዲ 2:15:41.6፣ ልዩነቱ 25 ሰከንድ ገደማ፣ ያ ሁሉ ልዩነት የተከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ይሄን የሚያክል ጉልበት የተረፈው ሰው ከመጀመሪያው ቆጥቦ ነው የመጣው ማለት ነው፣ የአሸነፈው በባዶ እግር ሳይሆን በሒሳብ ነው ባይ ነኝ። ካልተስማማችሁ ኮመንት ላይ እንገናኝ፣ ግን 14:20ን ሳታዩ አትሟገቱኝ 😂

0:00 ማረሚያ
2:10 ጫማው
5:45 ትከሻና እጅ፣ በዝግታ
9:30 26 ወይስ 185
14:20 ሐውልቱ ጋ
18:05 ከገባ በኋላ ጎንበስ ብሎ ሲያፍታታ (ይሄን ሰውዬ!)

ምንጭ፦ ምስሎቹ ከሮም ኦሊምፒክ ይፋዊ ፊልም፣ የሮሞሎ ማርቼሊኒ "ላ ግራንዴ ኦሊምፒያዴ" (እ.ኤ.አ. 1961) የተወሰዱ ናቸው። ባለመብቱ እኔ አይደለሁም። የተጠቀምኩት አጫጭር ቁርጥራጮችን ብቻ ነው፣ የፊልሙን ሙዚቃ አጥፍቼዋለሁ፣ የምትሰሙት ድምጽና ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ የኔ ናቸው። ኦሪጅናሉን ያገኘሁበት ሊንክ የመጀመሪያው ኮመንት ላይ ፒን ተደርጓል፣ እባካችሁ እሱን ቀድማችሁ እዩና ላይክ አድርጉላቸው፣ እኔ ጋ በኋላ ትመጣላችሁ።

ቀጣዩ ቶኪዮ እ.ኤ.አ. 1964 ነው፣ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ እዛ ላይ ጫማ አድርጓል!

#አበበ_ቢቂላ #ማራቶን #ሪአክሽን