ለእታለም፦ የእማዬን ካርድ ከዚያው ሆነሽ እንዴት እንደምትሞዪና መግባቱን እንዴት እንደምናረጋግጥ

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ችግሯ ካርድ ብቻ ነው። እነሱ መንደር ካርድ የሚሸጠው ሱቅ አንዳንዴ ይጨርሳል፣ ለካርድ ብላ ሞጣ ድረስ መምጣት ደግሞ ለእግሯ ከባድ ነው። ስለዚህ አንቺ ከዚያው ብትሞይላት ይሻላል። አሠራሩን በዝርዝር ጽፌልሻለሁ። እንዳይረዝምብሽ ብለሽ አትዝለዪው፤ ገንዘብ የሚጠፋው በትናንሿ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩ። ከድሮ ደብተር ላይ አትገልብጪ፤ አሁን የምትይዘው በ38 የሚያልቀውን ነው፣ የድሮው ከተዘጋ ቆይቷል። እዚህ በ09 ተጀምሮ 10 አሃዝ ነው። ከውጭ ሲሞላ ግን የፊተኛው ዜሮ ይቀርና 251 ይቀድመዋል፤ ከነ251ዱ 12 አሃዝ ይሆናል። ኢትዮጵያን ስትመርጪ ብዙዎቹ አፖች 251ን ራሳቸው ያስገባሉ። እንደዚያ ከሆነ አንቺ የምትጽፊው ከ9 ጀምሮ ያሉትን 9 አሃዞች ብቻ ነው፤ 251 ሁለት ጊዜ ከገባ ቁጥሩን አይቀበልም። የእማዬ መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ቁጥሩን እንደጨረስሽ Ethio telecom የሚል መውጣት አለበት። Safaricom ካለሽ ቁጥሩ ተሳስቷል ማለት ነው፤ በ07 የሚጀምሩት የእነሱ ናቸው። ከመክፈልሽ በፊት አሃዞቹን ድምፅ አውጥተሽ አንድ በአንድ አንብቢ። ሰው ስልክ ላይ የገባ ካርድ እንደ ባንክ ገንዘብ በቀላሉ አይመለስም።

አፑ ዲንግ ይሁን ሬብቴል ለእኔ ልዩነት የለውም፤ የምታነጻጽሪው እማዬ ዘንድ የሚደርሰውን ብር ነው። ሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ዶላር አስገቢና «ተቀባዩ የሚያገኘው» የሚለውን መስመር እዪ፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ደምሪ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ያለፈው ወር ብር ለዚህ ወር አይሠራም። ሁልጊዜ ክፍያው ከመጽደቁ በፊት ስንት ብር እንደሚገባ አይተሽ ጻፊው። በኋላ የምናመሳክረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ Top-up የሚለውን ምረጪ። Data ወይም Bundle የሚሉትን አትንኪ። የእማዬ ስልክ በቁልፍ የምትሠራዋ ትንሿ ናት፣ የኢንተርኔት ጥቅል አይጠቅማትም፤ ጥቅል ደግሞ ከዋናው ሒሳብ ጋር ስለማይደመር ሒሳብ ስናይ «አልገባም» ብለን እንጨነቃለን። ለመጀመሪያ ጊዜ አፑ የሚፈቅደውን ትንሹን መጠን ላኪ። ከሠራ በኋላ በወር አንዴ 200 ብር አካባቢ ይበቃታል ባይ ነኝ፣ እሷ ከምትደውለው የሚደወልላት ይበዛልና።

ክፍያው ላይ ባንክሽ የማረጋገጫ ኮድ ሊልክልሽ ይችላል። አዲስ አፕ ላይ ካርድሽን ስትጠቀሚ ባንኩ ተጠራጥሮ ሊከለክልም ይችላል፤ ያን ጊዜ ደጋግመሽ አትጫኚ፣ ባንኩ ጋ ደውዪና «እኔው ነኝ» በዪያቸው።

ከከፈልሽ በኋላ ከሦስት ቃላት አንዱን ታያለሽ። Successful ወይም Completed ካለ ተልኳል። Failed ካለ አልተላከም፣ ገንዘቡ ካርድሽ ላይ እስኪመለስ ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል። Pending ካለ ጠብቂ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የዘገየ መስሎት ድጋሚ ይልክና ሁለቱም ይገባሉ፣ ሁለቴ ይከፍላል። Pending እያለ ድጋሚ እንዳትልኪ፣ አደራ። የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሺውና ላኪልኝ፤ በተለይ Reference ወይም Order የሚለው ቁጥር ይታይ።

አሁን ማረጋገጡ። አጭር መልእክት ደረሰ አልደረሰ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እማዬ አታነብም፣ ስልኳም መልእክት ሲሞላባት አዲስ አትቀበልም። የሚያስተማምነው ሒሳቡን ከመላክሽ በፊትና ከላክሽ በኋላ ማየት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእሷ ስልክ ይህን ይደውላል፦

```
*804#
```

ቀሪ ሒሳቡንና የሚያበቃበትን ቀን ያነብልኛል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ለምሳሌ መጀመሪያ 7 ብር ከ40 ካላትና አፑ 212 ብር ይገባል ካለሽ፣ በኋላ 219 ብር ከ40 መሆን አለበት። ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ፤ የፊተኛውን ሒሳብ ካልያዝን የኋለኛው ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ስልኳ ዝግ ቢሆን ወይም መንደሩ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ አትደንግጪ። ብሩ የሚቀመጠው በቴሌ በኩል በቁጥሯ ስም እንጂ ስልኩ ውስጥ ስላልሆነ ዝግ ስልክ ላይም ይገባል። የሚዘገየው መልእክቱና የእኛ ማየት ብቻ ነው። እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ስልኳን ስለምታጠፋ ያን ጊዜ አትላኪ። የሚሻለው የአንቺ ጧት ነው፣ ለእኛ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ልጁም ቤት ይገባል። ፎቶው ላይ የሚወጣው ሰዓት የአንቺ አገር መሆኑንም እኔ አውቃለሁ፣ አስልቼ አመሳክረዋለሁ።

ከተጻፈው ያነሰ ከገባስ? መጀመሪያ የምጠይቀው ብድር ነው። ካርድ ሲያልቅባት ሰዎች በ*810# የአየር ሰዓት ይበደሩላታል፤ አዲስ ካርድ ሲገባ ቴሌ ብድሩንና የአገልግሎት ክፍያውን ቀድሞ ይቆርጣል። 25 ብር ተበድራ ከሆነ 219 ብር ከ40 አናይም፣ ያም ስህተት አይደለም። ሌላው የኢንተርኔት ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ሒሳብ መብላቱ ነው፤ ኢንተርኔቱን እኔ ስሄድ አዘጋዋለሁ። ብድርም ካልሆነ፣ ምንም ካልገባም፣ አፑ ግን Successful ካለ፣ በዚያች Reference ቁጥር ለአፑ ድጋፍ ክፍል ጻፊ። እኔም ከዚህ 994 ደውዬ በቁጥሯ ገቢ ተደርጎ እንደሆነ አጠይቃለሁ።

የእሷ መስመር እምቢ ካለሽ ወደ እኔ ሙዪው። እኔ ከዚህ በ*806* ቁጥሯንና መጠኑን አስገብቼ አዛውርላታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእማዬም ነግሬያታለሁ። «በስህተት ካርድ ልኬብሻለሁ፣ መልሺልኝ» ወይም «ሽልማት ደርሶሻል፣ የሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪኝ» የሚል ቢደውል ትዝጋው። አንቺ የላክሽው ካርድ ያለ ምንም ሚስጥር ቁጥር ነው የሚገባው። ካርድ ቴሌብር ላይ እንደሚላክ ገንዘብም አይደለም፤ ጨው አይገዛም፣ ለመደወል ብቻ ነው። ለወጪ የሚሆናትን ለብቻው ላኪላት።

በዚህ ሳምንት ለመላክ ካሰብሽ ከአንድ ቀን በፊት ጻፊልኝ፣ ሒሳቧን አስነብቤ እጠብቅሻለሁ።