ከእንዛት ወንዝ ማዶ

ደብረ ዕንቁ፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለአያልነህ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይኼ የመሪጌታ አጻጻፍ ነው። እኔ ደህና ነኝ አላልኳቸውም። «ናፍቆት ገደለኝ በሉልኝ» ብላቸው፣ በፍልሰታ ጾም እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም አሉኝ። ሁለት አሞሌ ተቀብለው ይከራከሩኛል! በስንት ልመና የምልህን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ሊጽፉ ተስማሙ። አንተ ዳዊት ደግመሃልና ራስህ አንብበው። ለጓደኞችህ እንዳታስነብብ።

እናትህ ደህና ናቸው። ቦራን ግን የራስ ወታደሮች ነዱት። የቀረውን በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅተን አረስን፣ ጤፉም ተዘራ። ወንድሜ እርፍ ሲይዝ ትልሙ ይጣመማል። እናትህ ያንን ባዩ ቁጥር ስምህን ያነሳሉ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ እሰማለሁ።

ምንህ እንደሚናፍቀኝ ልንገርህ? ሳጎርስህ ጣቴን ነከስ የምታደርጋት ነገር። (መሪጌታ አሁን ሳል ያዛቸው። ይጻፉ ብያለሁ።) ሌሊት ጅብ ሲጮህ «ተኚ፣ ሩቅ ነው» የምትለኝ። አሁን ሩቅም ይሁን ቅርብ የሚነግረኝ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወርጄ ነበር። እረኞቹ ሞልቷል ብለው መለሱኝ። እየወጣሁ እንዲህ አልኩ፦

ወንዙ ሞልቷል ብለው ከመንገድ ቢመልሱኝ፣
የሞላው ዓይኔ ነው፣ ማን በነገረልኝ።

መሪጌታ ቅኔ ልጨምርበት አሉ። ይቅርብኝ አልኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት የማይዋጉት ታርቀው አይደለም፤ ውኃው ስለከለከላቸው ነው። መስቀል ሲያልፍ መሻገሪያው ይከፈታል። ወዳንተ የሚወስደኝ መንገድና አንተን የሚወስድብኝ ጦርነት ባንድ ቀን ይከፈታሉ። ውኃው ይጉደል ብዬ እንዳልጸልይ ፈራሁ፤ አይጉደል እንዳልል አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ መጸለዩን ትቼ መምጣቱን ቆረጥኩ። ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር እሻገራለሁ። እነሱን ማንም አይነካም፤ ሁለቱም ጌቶች ቀረጡን ይፈልጉታላ። ሠራዊቱ ያለ ፈጪና ያለ ጋጋሪ አይዘምትም። ብዙ ሴቶች ባሎቻቸውን ተከትለው እዚያው ሰፈር ናቸው። እኔ ምን ቤት ነኝ እዚህ የምቀር? አደገኛ ነው ብለህ እንዳትልክብኝ። እዚህ ተቀምጦ መርዶ መጠበቅስ ምኑ ይሻላል?

በሶና ድርቆሽ ልኬልሃለሁ። ጋቢውን ፈትዬ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳታውስ።

መልስህን በዚሁ ነጋዴ ላክ። ድንኳንህ ከየትኛው አለቃ ሰፈር እንደሆነ ጻፍልኝ። መጁን ይዤ እመጣለሁ፤ ወፍጮውን አንተ ፈልግ።

ያንተው ትርንጎ