ንባብ ወደ ኋላ ስላስቀረው የ4ኛ ክፍል ተማሪ፦ ከወላጆቹ ጋር የምነጋገራቸው ነጥቦች

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ 30 ደቂቃ። እናቱም አባቱም ይመጣሉ። ልጁ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ይቀላቀለናል። እስከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይቆያል፤ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አልፈልግም።

ወላጆቹ አንድ ነገር በደንብ ገብቷቸው እንዲወጡ እፈልጋለሁ። ልጃቸው ትምህርቱ ይገባዋል። ያስቸገረው ንባቡ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ስለሆነ፣ ጊዜ ቢያጥረኝ ሌላውን ትቼ ይህን እናገራለሁ።

አባትየው በስልክ «ልክ አስገባዋለሁ» ብለውኛል። ስለዚህ ውጤቱን ቀድሜ ጠረጴዛ ላይ አላወጣም። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ የሚታያቸው 2 ከ10 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው።

መግቢያ

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሁለታችሁም ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጠራኋችሁ ጥፋት ስላጠፋ አይደለም።»

ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ። ወላጅ ከትምህርት ቤት ሲደወልለት የሚያስበው ጠብ ወይም ጥፋት ነው። ልባቸው ሳይረጋጋ የምናገረው አይገባም።

ከዚያ የማውቀውን መልካም ነገር በምሳሌ እነግራቸዋለሁ። «ጎበዝ ልጅ ነው» ብቻ ካልኩ ማለዘቢያ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውኃ ሲፈላ ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቅ፣ ክዳኑ ላይ የሚታየው ጠብታ ከየት እንደመጣ ለክፍሉ ያስረዳው እሱ ነው። በራሱ አባባል፣ ትክክል አድርጎ።

እነሱ ይናገሩ

እኔ ከማስረዳቴ በፊት እጠይቃለሁ፣ መልሱንም እጽፋለሁ። ጥያቄዎቹ ብዙ አይደሉም።

«እቤት የቤት ሥራ ሲሠራ ምን ታያላችሁ? ማንበብ ያለበት ነገር ሲመጣስ ምን ያደርጋል?»

«አንደኛና ሁለተኛ ክፍል እያለ ንባቡ እንዴት ነበር? ያኔ ትምህርት ያቋረጠበት ወይም ትምህርት ቤት የቀየረበት ጊዜ ነበር?»

«ዓይኑንና ጆሮውን ታይቶ ያውቃል? ቴሌቪዥን ሲያይ ይጠጋል? ከኋላው ስትጠሩት ይሰማል?»

«ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል?»

በዚህ ሴሚስተር 9 ቀን ቀርቷል፤ ብዙው ሰኞ ነው። «ለምን ታስቀሩታላችሁ?» አልልም። «ሰኞ ጠዋት ምን ያስቸግራችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጁ ራሱ «ሆዴን አመመኝ» እያለ ከሆነ ማወቅ አለብኝ፤ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው።

ያየሁትን ማሳየት

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ሁለቱን የንባብ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

ከ4ኛ ክፍል መጽሐፍ 100 ቃል ያለው ምንባብ አስነበብኩት። 4 ደቂቃ ፈጀበት፣ 19 ቃል ሳተ። ከ2ኛ ክፍል መጽሐፍ የወሰድኩትን፣ እሱም 100 ቃል ያለውን ሌላ ምንባብ በ2 ደቂቃ ጨረሰ፤ የሳተው 4 ቃል ነው። ከ100 ቃል ከ10 በላይ የሚስትበትን ጽሑፍ ልጅ ብቻውን አንብቦ መረዳት ይከብደዋል። እኛ ግን በየቀኑ ለብቻው እንዲያነብ የምንሰጠው ይህን ከባዱን ነው። ይህን ሳልደባብቅ እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ ምን እንደሚስት በምሳሌ አሳያለሁ። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል። የሚስተው ቅጥያቸውን ነው፤ «ቤት»ን «ቢት» ይላል። ረጅም ቃል ሲያይ መጀመሪያውን አይቶ ቀሪውን ይገምታል። «ተመለከተ» የሚለውን «ተመለሰ» ብሎ ያልፋል። «ስላልመጣ» የሚለውን «ስለመጣ» ይለዋል። በአማርኛ አንድ ፊደል ሐሳቡን ይገለብጠዋል፤ ያቺን ፊደል የዘለለ ልጅ ሌላ ታሪክ አነበበ ማለት ነው።

ሂሳቡም በዚሁ ይገባቸዋል። ድምርና ማባዛት ብቻ ባለበት ፈተና 9 ከ10 አገኘ። በዓረፍተ ነገር የተጻፉት ጥያቄዎች ላይ 2 ከ10። አንዱ ጥያቄ «ያልተሸጡት ደብተሮች ስንት ናቸው?» ይላል፤ እሱ «የተሸጡት» ብሎ አንብቦ የተሸጡትን ጻፈ። ስሌቱ ትክክል ነው። በሌላ ቀን እነዚያኑ ጥያቄዎች እኔ አነበብኩለት፤ 7ቱን መለሰ።

በንባብም እንደዚሁ ነው። ምንባቡን ራሱ አንብቦ ከ5 ጥያቄ የመለሰው 1 ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ምንባብ እኔ ሳነብለት 5ቱንም መለሰ።

እዚህ ላይ ዝም እላለሁ፤ ወረቀቱን አገላብጠው ይዩት። ቶሎ ወደ መፍትሔ ከሮጥኩ «ይገባዋል» ያልኩትን ሳያምኑ ይሄዳሉ፣ የቤቱ ቁጣም ይቀጥላል።

ሊነሱ የሚችሉ ነገሮች

«እህቱ እኮ እንደዚህ አልነበረችም።» እህቱን ከሦስት ዓመት በፊት አስተምሬያታለሁ፤ ጎበዝ ነበረች። ቢሆንም ስሟን አንስቼ አላወዳድርም። «እሱን የማወዳድረው ከራሱ ጋር ነው። መስከረም ላይ ያነበበውም እዚህ አለ፤ ያኔ በ4ኛ ክፍሉ ምንባብ 27 ቃል ስቶ ነበር» ብዬ አሳያለሁ። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም ለውጥ ነው።

«ሰነፍ ሆኖ ነው፤ ስልክ ነው ያበላሸው።» ስልክ እንቅልፉን የሚሻማ ከሆነ ማታ ቢቀር ጥሩ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ስንፍናውን ግን አልቀበልም። በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቀርቶ አንዲት ገጽ ደጋግሞ ሲያነብ አይቻለሁ። የሚሰንፍ ልጅ እንደዚያ አያደርግም።

አባትየው ዱላ ካነሱ፦ «አባቱ፣ እንደሚጨነቁለት አያለሁ። ግን ሲፈራ የበለጠ ይገምታል፤ ቶሎ ጨርሶ ለመገላገል ይቸኩላል። ንባብ የሚሻሻለው ቀስ ብሎ ሲያየው ነው። ስለዚህ በንባብ የተነሳ እንዳይመታ፣ እንዳይሰደብም እለምንዎታለሁ።» ይህን ፊት ለፊት፣ በአክብሮት እናገራለሁ። ለነገ አላሳድረውም።

እናትየው ራሳቸውን ሊወቅሱ ይችላሉ። «እኔ ስላልተማርኩ ነው» ካሉ፣ ከእሳቸው የምፈልገው ማንበብን እንደማይጠይቅ ወዲያው እነግራቸዋለሁ።

«በሽታ አለበት እንዴ?» እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስም አልሰጠውም። ማንበብ ብቻ ለይቶ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፤ ከማሰብ ችሎታ ጋር አይያያዝም። እሱ ከነዚያ ይሁን አይሁን የሚለየው በባለሙያ ምርመራ ነው። መጀመሪያ ዓይንና ጆሮው ይታይ። ከ8 ሳምንት እገዛ በኋላ ለውጥ ካላየሁ፣ እናንተ ከተስማማችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ እንዲያየው እጠይቃለሁ።

«ይደግማል ወይ?» ቃል አልገባም፤ አላስፈራራምም። «ዛሬ በያዘው ውጤት ስጋት አለ። ገና ጊዜ አለን፤ ለዚህ ነው አሁን የጠራኋችሁ።»

እኔ የማደርገው

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ትምህርት ሳይጀመር 15 ደቂቃ፣ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አስነብበዋለሁ። የምንጀምረው ከ2ኛ ክፍሉ ጽሑፍ ነው። ረጃጅም ቃላትን ከፋፍሎ ማንበብን እናለማምዳለን፦ «ስላል» ከዚያ «መጣ»።

በሂሳብና በሳይንስ ፈተና ጥያቄዎቹን አነብለታለሁ። ይህ ማዳላት እንዳይመስላቸው ላስረዳ፤ በሂሳብ ፈተና የምለካው ሂሳቡን ነው። በአማርኛ ንባብ ፈተና ላይ ግን ራሱ ያነባል።

ሳላስጠነቅቀው በክፍሉ ፊት «ተነሥተህ አንብብ» አልለውም። የሚያነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት እሰጠዋለሁ።

ከእነሱ የምጠይቀው

አንድ ነገር ብቻ። አምስት ነገር ብጠይቅ አንዱም አይሠራም።

በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያንብብላችሁ። መጽሐፉን እኔ እልካለሁ፤ ቀላል ነው። «ይሄ የሕፃን መጽሐፍ ነው» እንዳይሉት አደራ። ሲያቆም አምስት እስክትቆጥሩ ጠብቁት። ካልቻለ ማንበብ የሚችል ሰው ቃሉን ይንገረውና ይቀጥል። ማንበብ የሚችል ከሌለ ቃሉን በእርሳስ ያስምርበት፤ ጠዋት ከእኔ ጋር እናየዋለን። ሲጨርስ «ምን አነበብክ?» በሉት። የነገራችሁ ነገር ስሜት ካልሰጠ ያንኑ ገጽ ይድገም።

ይህን እናትየው ያለምንም ችግር ማድረግ ይችላሉ፤ የሚፈለገው ጆሮና ትዕግሥት ነው። አባትየው ማታ የሚያመሹ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ የእሳቸው ይሁን። ማን በየትኛው ቀን እንደሚሆን እዚያው ተስማምተን እጽፋለሁ፤ «እንሞክራለን» ብለን አንለያይም።

አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ይቁም፣ መሀል ላይም ቢሆን። እያለቀሰ የሚያነብበት ቀን ካለ ያን ቀን ይቅርና መልእክት ይላኩልኝ።

ልጁ ሲገባ

ወላጆቹ ፊት አልመረምረውም፤ «ለምን አታነብም?» የሚል ጥያቄ የለም። እንዲህ እለዋለሁ፦ «የውኃውን ጠብታ እንዴት እንዳስረዳኸን ለእናትህና ለአባትህ ነግሬያቸዋለሁ። ንባብ እንደሚያስቸግርህም ተነጋግረናል፤ ሦስታችንም ልናግዝህ ነው። አንተ ስታነብ የትኛው ነው የሚከብድህ?» መልስ ካልሰጠ አልገፋውም። ሁለት መጽሐፍ አሳይቼው በየትኛው እንደሚጀምር እሱ ይመርጣል። ከዚያ አባቱ ወይም እናቱ አንድ ነገር እንዲሉት ቦታ እተዋለሁ። ምን እንደሚሉ ልጁ ከመግባቱ በፊት እንስማማለን፤ «ቀስ ብለህ አንብብ፣ እንሰማሃለን» ቢሉት በቂ ነው።

ከመለያየታችን በፊት

የተስማማነውን በግማሽ ገጽ ጽፌ ለእነሱም ለእኔም አንድ አንድ ቅጂ። ለእናትየው ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እደውላለሁ፤ ለማን እንደምደውል እጠይቃለሁ። በ4 ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አዲስ የ2ኛ ክፍል ምንባብ አስነብበዋለሁ። ስሕተቱ ከ3 በታች ከወረደና ሳይቸኩል ካነበበ ወደ 3ኛ ክፍል ጽሑፍ እናልፋለን። ካልወረደ ስልቱን እኔ እቀይራለሁ፣ የእነሱ አሥር ደቂቃ ግን ይቀጥላል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት ከመውጣታቸው በፊት እንቆርጣለን፤ የዓይንና የጆሮ ምርመራው ውጤት እስከዚያ ይምጣልኝ።