የአራት ሳምንት የባክቴሪዮሎጂ ማጠቃለያ ፈተና ዝግጅት፦ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 22 ቀን 2018

ወንድምዓለም፣

ፈተናህ ሰኞ ሰኔ 22 ስለሆነ ዕቅዱን የሰኔ ጾም ከሚገባበት ከሰኞ ግንቦት 24 አስጀምሬዋለሁ። ሌሎች ትምህርቶችም ስላሉብህ ለዚህ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ያዝሁልህ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አዲሱን ታነባለህ። ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ደብተርህን ዘግተህ ጠዋት ያነበብከውን በባዶ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጠህ የጎደለውን በቀይ ትሞላለህ። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነብህ የጠዋቱን ተው እንጂ የምሽቱን አትንካ። መብራት ቢጠፋም በሻማ ይሠራል። ቀይ የበዛባቸውን ወረቀቶች አትጣል፤ እሑድ እሑድ የምታጠናው እነሱን ብቻ ነው።

ባክቴሪያዎቹን እንደ ስም ዝርዝር አትሸምድዳቸው። እኔ ላቦራቶሪ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ስም አይደለም፤ ሽንት፣ ሰገራ፣ አክታ ወይም መግል ነው። አንተም ከዚያ ጀምር፦ ምን ናሙና መጣ? በግራም ቀለም ምን መሰለ? በየትኛው ማብቀያ በቀለ? ከቅርብ ዘመዱ የሚለየው ምርመራ የትኛው ነው? ምን በሽታ ያመጣል? ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ሳትመልስ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

አንደኛ ሳምንት (ግንቦት 24–30)፦ መሠረቱ

ሰኞና ማክሰኞ የሴል ግድግዳና የግራም ቀለም። ሁለት ቀን የሰጠሁት ቀሪው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት አንድ ደቂቃ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በአሴቶን አልኮል ማጠብ፣ በመጨረሻ ሳፍራኒን አንድ ደቂቃ። ፈተና ላይ የሚጠየቀውም፣ ሥራ ላይ የሚበላሸውም ሦስተኛው እርምጃ ነው። ስላይዱን አዘንብለህ ስታጥብ ከጫፉ የሚወርደውን ጠብታ ተመልከት፤ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ ጥርት ሲል ወዲያው ውኃ ታፈስበታለህ። ጥቂት ሰከንድ ካለፈህ ግራም ፖዘቲቩም ቀለሙን ይለቅና ሮዝ ሆኖ ይታይሃል። ቀድመህ ካቆምህ ደግሞ ግራም ኔጋቲቩ ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱን ከፔፕቲዶግላይካን ውፍረትና ከውጨኛው ሽፋን ጋር አያይዘህ በራስህ አባባል ጻፈው።

ረቡዕ የዕድገት ኩርባ። አራቱን ደረጃዎች ሣል፣ ስሌቱንም ሥራ። ኢ. ኮላይ በተመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይከፈላል ካልን፣ አንድ ሴል በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ተከፍሎ 512 ይሆናል። ሽንት ክፍል ሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ቆጠራው ለምን እንደማይታመን ከዚህ ይገባሃል።

ሐሙስ ማምከን፦ አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ደረቅ ሙቀት 160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት። ዓርብ ጄኔቲክስ፤ ትራንስፎርሜሽን፣ ትራንስዳክሽንና ኮንጁጌሽንን በአንድ ገጽ ለይተህ እለፍ። ቅዳሜ ማብቀያዎች። ማኮንኪ አጋር መራጭም ለዪም የሆነበትን ምክንያት ሳታይ መጻፍ እስክትችል አትነሣ፦ የሐሞት ጨውና ክሪስታል ቫዮሌት ግራም ፖዘቲቮችን ያግዳሉ፣ ኒውትራል ሬድ ደግሞ ላክቶስ የሚያፈላውን ሮዝ አድርጎ ያሳያል።

ሁለተኛ ሳምንት (ሰኔ 1–7)፦ ግራም ፖዘቲቮች፣ ኔሴሪያና ሳንባ ነቀርሳ

ሰኞና ማክሰኞ ኮካዮቹ። ካታሌዝ ስታፊሎኮከስን ከስትሬፕቶኮከስ ይለያል፣ ኮአጉሌዝ ኦውሬስን ከወንድሞቹ ይለያል። ቤታ ሄሞሊሲስ አሳይቶ በባሲትራሲን የሚሸነፈው ፓዮጂንስ ነው፤ አልፋ አሳይቶ በኦፕቶቺን የሚሸነፈው ኒሞኒዬ። ይህን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሣለውና አልጋህ አጠገብ ለጥፈው።

ረቡዕ ኔሴሪያ። ሁለቱም ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ናቸው፤ የማጅራት ገትሩ ግሉኮስና ማልቶስን ይጠቀማል፣ የጨብጡ ግሉኮስን ብቻ። ለካልቸር የመጣ የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ፍሪጅ ውስጥ እንደማይገባም ያዝ።

ሐሙስና ዓርብ ባሲለስና ክሎስትሪዲየም። አባ ሰንጋን አገር ቤት ስለምታውቀው አይከብድህም። የሞተው ከብት ለምን እንደማይገፈፍ ግን በሳይንሱ መልስ፦ ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር ይሠራል፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። መንጋጋ ቆልፍ ላይ መርዙ የትኛውን የነርቭ መልእክት እንደሚያግድ አትዝለል።

ቅዳሜ ዚል ኒልሰን። ካርቦል ፉክሲን በሙቀት፣ 3 በመቶ አሲድ አልኮል፣ ሜቲሊን ብሉ። ግድግዳው ሰም መሰል ስለሆነ ቀለሙን ለማስገባት ሙቀት ያስፈልጋል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አሲድም አያስለቅቀውም።

ሦስተኛ ሳምንት (ሰኔ 8–14)፦ ግራም ኔጋቲቭ ዘንጎች

ከባዱ ሳምንት ነው፤ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ተማሪው የሚምታታው እዚህ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በሠንጠረዥ ሥራ። ሠንጠረዡን ከመጽሐፍ አትገልብጥ፤ ባዶውን አስምረህ ከጭንቅላትህ ሙላው። ኢ. ኮላይና ክሌብሲዬላ ላክቶስ ያፈላሉ፤ ኢንዶልና እንቅስቃሴ ይለዩአቸዋል። ሳልሞኔላና ሺጌላ ማኮንኪ ላይ ሁለቱም ቀለም አልባ ናቸው። ኤክስኤልዲ ላይ ግን ሳልሞኔላ አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ጥቁር ይሆናል፣ ሺጌላ አይጠቁርም፤ ሺጌላ አይንቀሳቀስምም። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጥቂት መሆኑን በቀይ አስምርበት፤ መምህራን የሚወዱት ወጥመድ ነው።

ሐሙስ ኮሌራና ሱዶሞናስ። ቪብሪዮ ኮሌራ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ነው፣ ቲሲቢኤስ ላይ ቢጫ ይሆናል። ዓርብ ሰኔ 12 ሚካኤል ነው፤ አታጥና፣ ንግሡን ሳም። ወደ ቤት ግን አትሂድ፤ መንገዱና ድካሙ ሦስት ቀን ይወስድብሃል፣ እናታችንንም አስረድቻታለሁ። ቅዳሜ ብሩሴላና ሄሞፊለስ። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ኤክስና ቪ የሚባሉትን ፋክተሮች ለምን ቾኮሌት አጋር ላይ እንደሚያገኝ መልስ።

አራተኛ ሳምንት (ሰኔ 15–21)፦ የቀሩትና ልምምድ

ሰኞ ስፓይሮኬቶች፣ ክላሚዲያና ሪኬትሲያ። ግርሻና ተስቦ ሁለቱም በሰውነት ቅማል ይተላለፋሉ፤ ግን የግርሻውን ቦሬሊያ በደም ስላይድ ላይ በማይክሮስኮፕ ታየዋለህ፣ ሪኬትሲያው የሚኖረው ሴል ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ተመልሶ የሚያገረሸው ቦሬሊያ የላዩን ፕሮቲን እየለወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ ነው። የትራኮማው ክላሚዲያ በተለመዱት አጋሮች ላይ አይበቅልም፤ የቂጥኙ ትሬፖኔማም እንዲሁ።

ማክሰኞ የመድኃኒት ስሜታዊነት ምርመራ፦ ሙለር ሂንተን አጋር፣ 0.5 ማክፋርላንድ፣ 35 ዲግሪ፣ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። ድፍርስነቱ ከመስፈርቱ ከበዛ በመድኃኒቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይጠባል፣ ተሸናፊው ባክቴሪያም ተቋቋሚ መስሎ ይታያል።

ረቡዕና ሐሙስ የቀድሞ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘህ ሥራ። ያበላሸኸው ጥያቄ መጀመሪያ ከሰጠሁህ ከአምስቱ ጥያቄዎች በየትኛው ላይ እንደወደቀ ከጎኑ ምልክት አድርግ፤ ዓርብ የምታጠናው እሱን ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። አሥር ናሙና እነግርሃለሁ፣ አንተ ከግራም ቀለም ጀምረህ እስከ ስሙ ታደርሰኛለህ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅርንጫፉንና ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ ሣል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ቁርስህን ሳትበላ አትውጣ። የተግባር ፈተናው ላይ ማይክሮስኮፕ ስትደርስ መጀመሪያ በዝቅተኛው ሌንስ ቦታውን ፈልግ፣ ዘይት የምትጨምረው ለ100ው ሌንስ ብቻ ነው። ያየኸውን ቅርጽና ቀለም ከጻፍህ በኋላ ስሙን ጻፍ፤ ስሙ ቢጠፋህም ለቅርጹና ለቀለሙ ነጥብ ልታገኝ ትችላለህ።

እህትህ፣ ከፍኖተ ሰላም