ስለጠፋው ሻንጣዬ ለአየር መንገዱ የጻፍኩት አቤቱታ፣ የአማርኛ ትርጉሙ

ለሻንጣ አገልግሎት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሻንጣዬ ትራንዚት ላይ እንደቀረ እስካሁን አልመጣም፣ ከኤርፖርት ሳልወጣ እዛው ካውንተራችሁ ላይ አስመዝግቤያለሁ፣ የሪፖርቱን ኮፒና የሻንጣውን ታግ አያይዣለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ አንዱ ጎማ ተሰንጥቋል። ስደውል "እየተፈለገ ነው" ከማለት ውጪ የት እንደተፈለገ የሚነግረኝ ሰው የለም፣ ይሄ ከመጥፋቱ በላይ ነው ያናደደኝ።

በእ.ኤ.አ. 1999 የሞንትሪያል ስምምነት መሰረት ሻንጣ መድረስ ከነበረበት ቀን 21 ቀን ካለፈው ተሳፋሪው ካሳ መጠየቅ ይችላል፣ 21 ቀኑ ደግሞ አልፏል፣ ታዲያ ለምንድነው ፋይሌ አሁንም "ዘግይቷል" የሚለው? ሰራተኛችሁ ካሳው በኪሎ ይሰላል አለኝ፣ በየትኛው ህግ ነው? እኔ የማውቀው በስምምነቱ ጣሪያው በተሳፋሪ እንጂ በኪሎ እንዳልሆነ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ጀምሮም 1,519 ኤስዲአር ነው፣ ኤስዲአር ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ስለሆነ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ነው የምትቀይሩት? ደረሰኝ ለሌላቸው የቆዩ ልብሶችና ጫማስ ምን ማስረጃ ትቀበላላችሁ፣ ፎቶ ይበቃል? ልብስ ሳይኖረኝ ተቸግሬ የገዛኋቸው ቅያሪና የንጽህና እቃዎች ደረሰኛቸው አለ፣ እነሱ ከጣሪያው ይቀነሳሉ ወይስ ለብቻ ይከፈላሉ? ለተጨማሪ ሻንጣ የከፈልኩትስ ይመለሳል?

እባካችሁ በስልክ ሳይሆን በጽሁፍ መልሱልኝ፣ ክስ ማቅረቢያው ጊዜ 2 አመት መሆኑን አውቃለሁ፣ እዛ ድረስ እንድንሄድ ግን አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር
የሻንጣው ባለቤት